የእርሳስ ንድፍ ኢፌክት ምንድን ነው? በአካባቢ አማካይ ማካፈል እንጂ ጠርዝ ፍለጋ አይደለም

ፎቶግራፍን በሌየሮች አማካይነት የእርሳስ ንድፍ ስለማስመሰል በሚሰጡ ማብራሪያዎች ውስጥ አንድ አባባል እየተደጋገመ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ የምስሉን ጠርዞች ፈልጎ ያሰምርባቸዋል፣ ብለሩ ደግሞ የተሰመሩትን መስመሮች ያለሰልሳል የሚል ነው። ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ንድፉን የሚያወጣው ኔጌቲቩ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው የተገለበጠው ቅጂ፣ እንደሆነ በእርግጠኝነት ጽፏል። ሦስቱም ትክክል አይደሉም። ስህተታቸውም የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ የሰው ፊት ለምን እንደቆሸሸ ወይም የከሰሉ ኢፌክት ለምን ግራጫ ጉም ብቻ እንደሆነ ግራ የሚጋባው ሰው ግራ የሚጋባው በእነዚሁ አባባሎች ምክንያት ነው።

አሠራሩን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ስለሚሆን ባጭሩ አልፈዋለሁ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይደረጋል፣ ሌየሩ ይባዛል፣ የላይኛው ቅጂ በ Invert ይገለበጣል፣ ብሌንድ ሞዱ Color Dodge ይሆናል፣ ከዚያም በ Gaussian Blur ይደበዝዛል። ዋናው ነገር Color Dodge በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ የሚሠራው ስሌት ነው፤ ቁጥሮቹ የፒክስሉ ብርሃን ናቸው፣ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ።

```
ውጤት = ታች × 255 ÷ (255 − ላይ)
```

የላይኛው ሌየር የተገለበጠ ስለሆነ ዋጋው ከ255 ላይ ደብዛዛው ፎቶ ሲቀነስ የሚገኘው ነው። ይህንን በስሌቱ ውስጥ ስንተካው ሁለቱ መቀነሶች ይጠፋፋሉና የሚቀረው ይህ ብቻ ነው።

```
ውጤት = ታች × 255 ÷ ደብዛዛ
```

ኔጌቲቩ ጠፍቷል። መገልበጡ ያስፈለገው Color Dodge የላይኛውን ሌየር ራሱ ገልብጦ ስለሚያካፍል፣ እኛ አስቀድመን ገልብጠን ግልበጣውን እንድናፈርስበት ብቻ ነው። ፎቶሾፕም ሆነ ጊምፕ Divide የሚባል ብሌንድ ሞድ ስላላቸው፣ ያልተገለበጠውን ደብዛዛ ቅጂ በእርሱ ብታስቀምጡት ያለ ምንም ኔጌቲቭ ንድፉ ይወጣል። በፓይተን የሚሠሩ ሰዎችም የሚጽፉት ማካፈሉን ብቻ ነው።

```python
import cv2
g = cv2.imread("foto.jpg", cv2.IMREAD_GRAYSCALE)
b = cv2.GaussianBlur(g, (0, 0), 8)
s = cv2.divide(g, b, scale=255)
```

እንግዲህ የሚካፈለው በምን እንደሆነ እንይ። ደብዛዛው ፎቶ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የያዘው የዚያን ነጥብ አካባቢ አማካይ ብርሃን ነው። ፈተናን ከ255 የሚያርም አንድ መምህር የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት በክፍሉ አማካይ እያካፈለ ካርድ ላይ ይሞላል እንበል። አማካዩ 200 በሆነበት ክፍል 160 ያመጣ ተማሪ፣ አማካዩ 40 በሆነበት ክፍል 32 ካመጣው ጋር እኩል ይሆናል፤ ሁለቱም የክፍላቸውን አማካይ አራት አምስተኛ ስላገኙ ካርዳቸው ላይ የ255 አራት አምስተኛ፣ 204፣ ይጻፋል። ከአማካዩ ጋር እኩል የሆነና ከአማካዩ በላይ ያመጣ ሁሉ ደግሞ 255 ይሞላለታል፤ ካርዱ ከዚያ በላይ ቁጥር አይቀበልምና በጎበዙና በእጅግ ጎበዙ መካከል የነበረው ልዩነት በዚያው ይቀራል።

የኢፌክቱ ጠባይ ሁሉ ከዚህ ይወጣል። ሰፊና ወጥ የሆነ ቦታ፣ ፍጹም ጥቁር እስካልሆነ ድረስ የቱንም ያህል ጨለማ ቢሆን፣ ከአካባቢው ጋር እኩል ስለሆነ ወረቀት ይመስል ነጭ ይሆናል። የሚጠቁረው ከጎረቤቶቹ ያነሰ ብቻ ነው። ብርሃኑ 200 የሆነ ግድግዳ 100 ከሆነ ኮት ጋር በሚገናኝበት ድንበር ላይ አማካዩ 150 ገደማ ይሆናል፤ ከኮቱ ወገን ያለው ፒክስል 170 ሲሆን ከግድግዳው ወገን ያለው ከ255 ስለሚያልፍ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መስመሩ በጠርዙ ላይ አልተሰመረም፤ ከጠርዙ በጨለማው ወገን ጀምሮ ወደ ውስጥ እየሳሳ የሚሄድ ጥላ ነው። ጠርዝ ፈላጊ ስልት ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ወገን እኩል በነካ ነበር።

ጠርዝ ፍለጋ ነው ብሎ ለሚከራከረኝ ሰው Color Dodge በሚለው ቦታ Linear Dodge (Add) መርጦ እንዲያየው እጠይቀዋለሁ። ያኛው የሚደምር ቢሆንም የላይኛው ሌየር የተገለበጠ ስለሆነ ማካፈልን ትቶ ደብዛዛውን ይቀንሳል፤ የታችኛው ፎቶ ከደብዛዛው ጋር ያለውን ልዩነት ብቻ ነው የሚያሳየው። ከላይ ያየናቸው ሁለት ተማሪዎች በዚህ ስሌት ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ከአማካዩ በ40 ስለሚያንስ 215 ይሆናል፣ ሁለተኛው ግን በ8 ብቻ ስለሚያንስ 247 ሆኖ ለዓይን ሊጠፋ ይቀርባል። የጠቆረ ፀጉር ውስጥ ያለ የሹሩባ መስመር በ Color Dodge ከነጭ ቀሚስ እጥፋት እኩል ደምቆ የሚታየው ማካፈል ስለሆነ ነው።

ስለ ብለሩ የሚባለው ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ራዲየሱ የሚወስነው የመስመሩን ልስላሴ ሳይሆን የክፍሉን ስፋት ነው። ራዲየሱ ዜሮ ሲሆን እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን አንድ ክፍል ስለሚሆን አማካዩ ራሱ ነው፤ ከፍጹም ጥቁር በቀር ሁሉም 255 ያገኛል፣ ገጹም ባዶ ነጭ ይሆናል። Color Dodge እንደመረጡ ፎቶው ድንገት ሲጠፋ ተበላሸ ብለው የሚደነግጡ ሰዎች የሚያዩት ይህንን ነው። ራዲየሱን እጅግ ስናሰፋው ደግሞ ምስሉ በሙሉ አንድ ክፍል ይሆንና ሁሉም በአንድ ቁጥር ስለሚካፈል የሚመለሰው ያው ፎቶ ነው፤ ልዩነቱ መንጣቱና ከአማካዩ በላይ የነበረው ሁሉ በ255 መቆረጡ ነው። እርሳስም ከሰልም በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ይገኛሉ። ስለዚህ «ራዲየሱን 10 አድርጉ» የሚል መመሪያ የፎቶውን መጠን ካልነገራችሁ ምንም አልነገራችሁም፤ በ1000 ፒክስል ስፋት ላይ ወፍራም ጥላ የሚሰጥ 10፣ በ4000 ላይ ፀጉር የሚያህል መስመር ይሰጣል።

አንድ ፎቶ በቅርበት እንመልከት። ነጭ የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች፣ ሹሩባ የተሠራች ሴት፣ አመሻሽ ላይ በጠቆረ ግድግዳ ፊት ቆማ በስልክ ተነሥታለች። ካሜራው የነጩን ቀሚስ ብርሃን ለማትረፍ ፊቷን አጨልሞታል። ንድፉ ሲወጣ የቀሚሱ እጥፋቶች ንጹሕ ሆነው ይታያሉ፤ ጉንጯና ግድግዳው ግን በጥቃቅን ነጠብጣብ ተሞልተዋል፤ ፎቶው በመልእክት መላኪያ ተጨምቆ የመጣ ከሆነ ደግሞ በግድግዳው ላይ ጄፔግ የሚጠቀምባቸው 8 በ8 ፒክስል የሆኑ አራት ማዕዘኖች ይነበባሉ። ብዙ ሰው ይህንን ከቆዳ ቀለም ጋር ያያይዘዋል። ጥፋቱ ግን የብርሃን ማነስና የማካፈል ነው። አማካዩ 12 በሆነበት ጥላ ውስጥ ኖይዝ አንዱን ፒክስል ወደ 9 ቢያወርደው ካርዱ ላይ 191 ይጻፋል፤ ይህ ከእውነተኛው መስመር ከ204 ይልቅ የጠቆረ ነው። ያው የ3 ነጥብ ስህተት አማካዩ 200 በሆነበት ቢፈጠር 251 ስለሚሆን ማንም አያየውም። የመምህሩ ትንሽ የእርማት ስህተት ጎልቶ የሚጎዳው ዝቅተኛ ውጤት ያለበትን ክፍል ነው።

ብራይትነሱን አብዝቼው መፍትሔ አላገኘሁም የሚለው ሰው ልክ ነው፤ ሁሉንም ፒክስል በአንድ ቁጥር ማብዛት ድርሻውን አይለውጥም። የሚጠቅመው መደመር ነው። ከማካፈሉ በፊት ለሁሉም ፒክስል 30 ብንጨምር 9 እና 12 የነበሩት 39 እና 42 ስለሚሆኑ ነጠብጣቡ ወደ 237 ይነጣል፤ 32 እና 40 የነበሩት ደግሞ 62 እና 70 ሆነው 226 ይሰጣሉ። የሹሩባው መስመር ጥቂት ቢሳሳም ከኖይዙ ይልቅ ጠቆር ብሎ ይታያል። በፎቶሾፕ ይህንን በ Levels ውስጥ Output Levels ከሚለው የግራውን ቁጥር ከ0 ወደ 30 በማምጣት በግምት ማግኘት ይቻላል፤ ሌየሩን ከማባዛታችሁ በፊት መደረግ ግን አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ፊቷን በቂ ብርሃን ላይ ማንሣት መሆኑ ሳይዘነጋ ነው።

የቀሚሱ ጥለት ሌላ ጉዳይ ያነሣል። ቀይና አረንጓዴ ክር ጎን ለጎን የተጠለፈበት ቦታ በዓይን እጅግ የተለያየ ነው፤ ወደ ግራጫ ሲቀየር ግን ሁለቱ ተቀራራቢ ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ማካፈሉ የሚይዘው ልዩነት ስለማያገኝ ጥለቱ ባዶ ሰቅ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ፎቶውን በ Desaturate ብቻ ከማገርጣት ይልቅ የ Black & White ማስተካከያውን ከፍቶ የቀዩን ተንሸራታች ዝቅ፣ የአረንጓዴውን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ችላ ቢባልም ከብለሩ ያልተናነሰ ውጤት አለው።

አሁን ወደ ከሰሉ እንምጣ። ከሰል በራዲየስ ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ ራዲየሱን ማስፋት ከጠርዝ የሚሳሳውን ጥላ ስለሚያሰፋው ግማሽ መንገድ ያደርሳል። ነገር ግን በከሰል የሚሥል ሰው ጥላ ያለበትን ቦታ በሙሉ በጥቁር ይሞላል፣ የእኛ ማካፈል ደግሞ ያደረገው ይህንኑ ጥላ መደምሰስ ነው። ከጎን በመጣ ብርሃን ግማሹ የጨለመ ፊት በንድፉ ላይ ሁለቱም ጉንጮቹ ነጭ ናቸው። ስለዚህ ከሰል ለማግኘት የጠፋው ጥላ መመለስ አለበት፤ የሚመለሰውም ደብዛዛውን ቅጂ፣ ሳይገለበጥ፣ ከላይ በ Multiply በማስቀመጥ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደብዛዛው ያካፈልነውን መልሰን በዚያው በደብዛዛው ካባዛነው 204 በ40 ተባዝቶ ለ255 ሲካፈል 32 ይሆናል፤ ይህም ፎቶው መጀመሪያ ላይ የነበረው ቁጥር ነው። በሙሉ ኦፓሲቲ የተሠራ «ከሰል» ስለዚህ በጨለማው ወገን ፎቶግራፉ ራሱ ነው፤ በብርሃኑ ወገን ደግሞ ከ255 በላይ ሆነው የተቆረጡት ዋጋዎች ስለማይመለሱ ደብዛዛው ሌየር ብቻ ይታያል። ግራጫው ጉም የሚመጣው ከዚህ ነው። ኦፓሲቲውን 50 ከመቶ ስናደርገው ያው ፒክስል 118 ላይ ያርፋል፤ መስመሩ ከፎቶው ተለይቶ ጥላውም ተመልሶ ይታያል። ከዚያ ደብዛዛውን ሌየር በ Levels ጠበቅ አድርጎ ብርሃናማ ቦታዎቹን ወደ ንጹሕ ነጭ መግፋት ጉሙን ያነሣል፤ ወረቀቱ ባዶ ሆኖ የቀረባቸው ቦታዎች የሌሉት ከሰል ከሰል አይመስልምና።

የወረቀቱ ሸካራነት የሚጨመረው ከሁሉም በኋላ ነው። ከማካፈሉ በፊት ከጨመራችሁት እንደ ማንኛውም ኖይዝ በጥላው ውስጥ ተጋንኖ በብርሃኑ ውስጥ ይጠፋል። ከተጨመረ በኋላም በጠቆሩ ቦታዎች ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ እንጂ በነጩ ላይ ጥቁር ሆኖ መታየት የለበትም፤ ከሰል የማይደርሰው የወረቀቱ ጎድጓዳ ላይ ነው፣ ያልተነካ ወረቀት ደግሞ ከሰል የለበትም።