ቤት ስንቀይር ስለ ካርቶን ቁጥርና ስለ ዋናው ዝርዝር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ካርቶኑ ላይ ‹ኩሽና› ብዬ ከጻፍኩ ይበቃል።»

ጽሑፉ ካርቶኑ የት እንደሚቀመጥ ይናገራል፤ መድረስ አለመድረሱን ግን አይነግርም። 9 የኩሽና ካርቶን ወጥቶ 8 ቢገባ፣ በዚያ ግርግር ማን ልብ ይላል? እኛ ባለፈው ቤት ስንቀይር ዕቃችን እስከ 41 ቁጥር ነበረው። የእያንዳንዱን ቁጥር፣ ክፍሉንና ውስጡ ያለውን የጻፍኩበትን ዝርዝር ይዤ አዲሱ ቤት በር ላይ ቆምኩ። ተሸካሚዎቹ ሲያልፉ ቁጥሩን ይጠራሉ፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። መጨረሻ ላይ 27 ብቻ ባዶ ቀረ። ዝርዝሩን ሳይ «27፦ መኝታ ቤት፣ የልጆች አንሶላ፣ ቻርጀሮች፣ የራስጌ መብራት» ይላል። መኪናው ገና አልሄደም ነበር። ካርቶኑ ጥግ ላይ፣ ቁም ሳጥኑ እንዳይጫጫር በተጠቀለለበት ብርድ ልብስ ስር ተገኘ። ያ ቁጥር ባይኖር፣ የጎደለ ነገር መኖሩን የምናውቀው ማታ ልጆቹን ስናስተኛ ነበር።

«ለየክፍሉ ከ1 ብጀምር ይቀለኛል።»

ያኔ የሳሎን 4፣ የኩሽና 4፣ የመኝታ ቤት 4 ይኖርሃል። ተሸካሚው «4!» ሲል የቱ ጋ ነው ምልክት የምታደርገው? ለቤቱ ሁሉ አንድ ተከታታይ ቁጥር ይሁን። ክፍሉ በዝርዝሩ ላይ የራሱ ዓምድ ይኑረው። አንዱን ክፍል ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይሰበሰባሉ፦ ሳሎን ከ1 እስከ 9፣ ኩሽና ከ10 እስከ 22። ከሳሎን የተረሳ ነገር በኋላ ቢገኝ ቀጣዩን ቁጥር ስጠው፣ ለምሳሌ 38 ብለህ ጻፈው፤ ምንም አይበላሽም። «12/40» ብለህ ግን አትጻፍ። የመጨረሻው ካርቶን እስኪታሸግ ድረስ ጠቅላላውን አታውቀውም።

«መጀመሪያ ዝርዝሩን እጨርስና ከዚያ አሽጋለሁ።»

ካርቶን እስኪዘጋ ድረስ ይቀየራል። ድስቱ አልገባ ይላል፣ በቦታው ፎጣ ይገባል። ስለዚህ ስኮቹን ከመለጠፍህ በፊት፣ ውስጡን እያየህ ጻፍ። ቁጥሩንም ያኔውኑ ስጠው። «ልዩ ልዩ» የሚለውን ቃል ተወው፤ ስትፈልግ የምታስታውሳቸውን 3 ወይም 4 ዕቃዎች በስማቸው ጥራ።

«ቁጥሩን ክዳኑ ላይ መጻፍ ነው።»

ሲደራረብ ክዳኑ አይታይም። በሁለት ተያያዥ ጎኖች ላይ በወፍራም ማርከር ጻፍ። ስኮች ላይ አትጻፍ፣ ይለቃል።

«ቁጥር ለካርቶን ብቻ ነው።»

ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ካርቶን ያልሆነው ነው። ፍራሹ፣ የተጠቀለለው ምንጣፍ፣ የተፈታው ጠረጴዛ ሁሉ ቁጥር ይፈልጋሉ። ጠረጴዛውን ብንወስድ፣ ገጹ 33፣ አንድ ላይ የታሰሩት እግሮቹ 34 ይሆናሉ። ብሎኖቹን በላስቲክ ከረጢት አድርገህ ከገጹ ሥር በስኮች ለጥፋቸው፤ ዝርዝሩም ላይ 33 አጠገብ «ብሎኖቹ ከሥሩ አሉ፣ 8 ናቸው» ብለህ ጻፍ።