ከብዙ የፊት ፎቶዎች ያማረውን የሚወስነው ብርሃን

የአንድ ሰው በርካታ የፊት ፎቶዎች ለምርጫ ሲቀርቡ፣ ተመልካች «በዚህኛው አምሮበታል» የሚለው ፈገግታውን ወይም አቀማመጡን አይቶ ይመስለዋል። ከፈገግታው ቀድመው የሚፈርዱ ሁለት ነገሮች ግን አሉ፦ ብርሃኑ ፊት ላይ ያረፈበት አቅጣጫና ካሜራው የተቀበለው የብርሃን መጠን፣ ማለትም ኤክስፖዠር። መጠኑ ፎቶው ከተነሳ በኋላም በተወሰነ ደረጃ ይታረማል፤ አቅጣጫው ግን እንዲህ በቀላሉ አይታረምም። የምርጫ ስህተት አብዛኛው የሚመጣው ሁለቱን ባለመለየት ነው።

ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት ሰፊ መስኮት አጠገብ፣ በአውቶማቲክ ካሜራ የተነሱ አራት ፎቶዎችን እንውሰድ። በመጀመሪያው መስኮቱ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ነው፤ ተነሺው ፊት ለፊት ያየዋል። በሁለተኛው መስኮቱ ከካሜራው 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ነው። በሦስተኛው ልክ በተነሺው ጎን፣ በአራተኛው ደግሞ ከጀርባው ነው።

እንዳሉ ጎን ለጎን ቢታዩ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ምክንያቱ ደማቅነቱ ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። በመጀመሪያው ፎቶ ከተነሺው ኋላ ያለው ክፍል ጨለማ ስለሆነ ካሜራው ሁሉንም አደመቀ፤ ፊቱም «የጠራ» መሰለ። በአራተኛው የመስኮቱ ድምቀት አታለለውና ፊቱን አጨለመው። የቆዳ ቀለምም የራሱ ድርሻ አለው። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ፎቶውን ሲሞላ ካሜራው ከልክ በላይ ያደምቀውና የቆዳው ወዝ ይጠፋል፤ ነጣ ያለ ፊት ሲሞላው ደግሞ አመድ ያስመስለዋል። ለመነሻ ያህል፣ ጥቁር ቆዳ ከመካከለኛው ግራጫ አንድ ስቶፕ ዝቅ፣ ነጣ ያለው አንድ ስቶፕ ከፍ ቢል ተፈጥሯዊ መልኩን ይይዛል። አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ነው።

ስለዚህ ከምርጫው በፊት ድምቀቱን ማስተካከል ያስፈልጋል። በአራቱም ላይ አንድ ቦታ ይመረጣል፤ ብርሃን ያረፈበት ጉንጭ ጥሩ ነው። ያ ቦታ በሁሉም እኩል እስኪደምቅ ድረስ ኤክስፖዠሩ ከፍና ዝቅ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ የማይድነውም ይለያል። የመጀመሪያው ፎቶ ሲጨልም ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ቦታ የቆዳ ዝርዝር ሳያወጣ ወጥ ግራጫ ሆኖ ከቀረ፣ መረጃው ተቃጥሏል፤ በምንም አይመለስም። አራተኛውን በሁለት ስቶፕ ማድመቅ ጥላው ውስጥ ነጠብጣብና የደፈረሰ ቀለም ያወጣል፤ በRAW፣ ማለትም ካሜራው የተቀበለውን መረጃ ሳያቀናብር ባስቀመጠበት ዓይነት፣ የተነሳ ፋይል ይህን በተሻለ ይችላል፣ JPEG ግን ቶሎ ይበላሻል።

ድምቀቱ እኩል ሲሆን የሚቀረው ልዩነት የአቅጣጫው ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ጥላ ስለሌለው መጨማደድንና ብጉርን ይደብቃል፤ ነገር ግን አፍንጫና የጉንጭ አጥንት ጠፍጣፋ ይሆናሉ፣ ፊትም ሰፋ ይላል። በሁለተኛው ለስላሳ ጥላ ፊቱን ይቀርጸዋል። እዚህ ላይ የአንገት ትንሽ መዞር ብዙ ይለውጣል፦ ተነሺው ወደ መስኮቱ ዞር ካለ ለካሜራው የቀረበው ጉንጭ ጥላ ውስጥ ይገባና ፊቱ ቀጠን ይላል፤ ከመስኮቱ ወዲያ ከዞረ ደግሞ የቀረበው ጉንጭ በርቶ ፊቱን ያሰፋዋል። ክብ ፊት ላለው ሰው ወደ መስኮቱ መዞር፣ በጣም ለቀጠነ ፊት ከመስኮቱ ወዲያ መዞር ይሻላል።

ሦስተኛው ፎቶ ከባድ ነው። ብርሃኑ ቆዳውን ከጎን እየታከከ ስለሚያልፍ ትንሿ ጉብታ ሁሉ የራሷን ጥላ ትጥላለች፣ ግማሹ ፊትም ይጨልማል። መፍትሔው በማንሳቱ ሰዓት ነው፦ በጨለማው ጎን፣ ከፎቶው ክልል ውጭ ሆኖ በተቻለ መጠን ለፊቱ የቀረበ ነጭ ሰሌዳ መያዝ። የበራው ጎን ከጥላው አራት እጥፍ ይደምቅ ከነበረ ወደ ሁለት እጥፍ ማውረድ ለአብዛኛው ፊት ይበቃል። ሰሌዳው ሳይያዝ ቀርቶ ጥላውን በኮምፒውተር ብቻ ማድመቅ ግን የጉብታዎቹን ጥላ አያጠፋም።

ከአራቱ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ይበልጣል፤ ቆዳው የቆሰለ ወይም በጣም የተጨማደደ ሰው፣ ግንባሩ እስካልተቃጠለ ድረስ፣ የመጀመሪያውን ቢመርጥ ትክክል ነው። ሲወሰን ዓይንንም ማየት ይገባል፤ የመስኮቱ ነጸብራቅ በብሌኑ ላይ ከሌለ፣ ወይም ብርሃኑ ከጣሪያ ወርዶ የዓይን ጉድጓዱን ካጨለመው፣ ሰውዬው ባይደክም እንኳ የደከመ ይመስላል።

የመጨረሻው ፍተሻ ፎቶው ሥራ ላይ በሚውልበት መጠን መሆን አለበት፤ ማነጻጸሪያውም አንድ ስክሪን፣ ድምቀቱም ያልተቀያየረ ይሁን። ፎቶው በአውራ ጣት ልክ ሲያንስ የቆዳው ሸካራነት አይታይም፣ የጥላው ቅርጽ ግን ይቀራል። ስለዚህ ለትንሽ ምስል የማያስቸግረው ሦስተኛው ፎቶ፣ ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ትልቅ ህትመት ላይ ያስከፋል።