ለፍለጋ የሚጻፍ ካፕሽን ምንድን ነው?

ለፍለጋ የሚጻፍ ካፕሽን በቲክቶክ ወይም በዩቲዩብ ሾርትስ ለሚወጣ፣ በስልክ በቁም ለተቀረጸ አጭር ቪዲዮ የሚሰጥ ጽሑፍ ሲሆን፣ መለያው ተመልካቹ በፍለጋ ሳጥን ውስጥ በራሱ አነጋገር የሚጽፈውን ሐረግ መያዙ ነው።

አራት ኪሎ የምትሠራ አንዲት ፀጉር ሠሪ በአጭር ፀጉር ላይ ሹሩባ ስትሠራ ቀርጻ «ዛሬም በሥራ ላይ፣ ውበት በእጃችን» ብላ ለጠፈች እንበል። ጽሑፉ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ፀጉሯ አጥሮባት መላ የምትፈልግ ሴት የምትጽፈው «ሹሩባ ለአጭር ፀጉር» ብላ ነው፤ ከእነዚህ ቃላት አንዱም በካፕሽኑ ውስጥ አይገኝም።

ሐረጉን በግምት መምረጥ አያስፈልግም። በፍለጋ ሳጥኑ «ሹሩባ» ብሎ ጽፎ፣ ፍለጋውን ሳያስጀምሩ ከሥር የሚዘረዘሩትን ጥቆማዎች ማንበብ ይበቃል። ጥቆማዎቹ ባለስልኩ ቀድሞ የፈለገውን ሊከተሉ ስለሚችሉ፣ ከሙያው ውጭ በሆነ ሰው ስልክም መሞከር ተገቢ ነው። እዚህ ላይ የፈላጊውን ዓላማ መለየት ያሻል፤ «ሹሩባ አሰራር» የሚለው ሐረግ ራሷ መሥራት የምትፈልገውን ሲያመጣ፣ «ሹሩባ አራት ኪሎ» የሚለው ግን ደንበኛ ልትሆን የምትችለውን ያመጣል።

በአማርኛ ትልቁ እንቅፋት የፊደል ጉዳይ ይመስለኛል። «ፀጉር» እና «ጸጉር»፣ «አሠራር» እና «አሰራር» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ የፍለጋው ሥርዓት ሁልጊዜ ያገናኛቸዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ብዙ ሰው ደግሞ በላቲን ፊደል shuruba ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ በጥቆማዎቹ ጎልቶ የታየውን አጻጻፍ፣ ሰዋስው አዋቂ ባይመርጠውም እንኳ፣ በካፕሽኑ መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ ሌላውን አጻጻፍ በቪዲዮው ላይ በሚታየው ጽሑፍ፣ የላቲኑን ደግሞ #shuruba ብሎ መጨመር ይቻላል። ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ መስመር መደርደር ግን ንባቡን ያበላሻል።

የፀጉር ሠሪዋ ካፕሽን እንግዲህ «ሹሩባ ለአጭር ፀጉር፤ አራት ኪሎ» ተብሎ ሊስተካከል ይችላል። ሐረጉ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው፣ ረጅም ካፕሽን በስልክ ላይ ስለሚቆረጥና በዩቲዩብም ርእሱ ከ100 ፊደላትና ምልክቶች ማለፍ ስለማይችል ነው። ቪዲዮውም አጭሩን ፀጉር ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጀምሮ ማሳየት አለበት፤ ካልሆነ ሐረጉን አምና የከፈተችው ሴት ወዲያው ትታው ትሄዳለች።

ውጤቱ የሚታወቀው በጠቅላላው የተመልካች ቁጥር አይደለም፤ የአጭር ቪዲዮ አብዛኛው ተመልካች ብዙ ጊዜ ሳይፈልግ በመተግበሪያው ምርጫ የቀረበለት ነውና። በዩቲዩብ ስቱዲዮ የተመልካች ምንጭ በሚታይበት ገጽ YouTube search የሚለውን ሲከፍቱ፣ ሰዎች በየትኞቹ ቃላት ፈልገው እንደደረሱ ይዘረዘራል። በዚያ ዝርዝር «ሹሩባ ለአጭር ጸጉር» በጸሎቱ «ጸ» ተጽፎ በብዛት ከመጣ፣ የሚቀጥለው ቪዲዮ ካፕሽን በዚያው ፊደል ይጻፋል።