የኮንዳክታንስ ማትሪክስን ሰርኪዩቱን በማየት ብቻ መጻፍ

በኮምቦልቻ የጥናት ቡድናችን ደጋግሞ የሚያደናግረው ከመሬት ጋር የተያያዘ ሬዚስተር በማትሪክሱ ውስጥ የት እንደሚገባ ስለሆነ፣ ሕጉን በምሳሌ ላስረዳ። በሰያፉ ላይ ኖዱን የሚነኩት ኮንዳክታንሶች ሁሉ ድምር ይጻፋል፤ ከሰያፉ ውጭ ግን ሁለት ኖዶችን በቀጥታ የሚያገናኘው ብቻ በአሉታዊ ምልክት ይገባል። ኖድ 1 ከመሬት ጋር በ2 ኦም፣ ከኖድ 2 ጋር በ4 ኦም፣ ኖድ 2 ከኖድ 3 ጋር በ5 ኦም፣ ኖድ 3 ደግሞ ከመሬት ጋር በ10 ኦም ቢገናኙ፣ ማትሪክሱ በሲመንስ እንዲህ ይሆናል፦

```
 0.75  -0.25   0
-0.25   0.45  -0.20
 0     -0.20   0.30
```

የ2 ኦሙ 0.5 ሲመንስ የሚገኘው በ0.75 ውስጥ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ረድፍ ድምር (0.5፣ 0፣ 0.1) ከኖዱ ወደ መሬት ያለውን ኮንዳክታንስ ስለሚሰጥ፣ ኖዶቹ ሲበዙ በሰያፉ ገብቶ ከሰያፉ ውጭ የተረሳ ሬዚስተር በዚህ ይታወቃል። ሕጉ በእርግጠኝነት የሚሠራው ሬዚስተሮችና ነጻ የከረንት ምንጮች ብቻ ባሉበት ሰርኪዩት ሲሆን፣ ጥገኛ ምንጭ ከገባ ግን የኖዱን እኩልታ ከኪርሾፍ የከረንት ሕግ ተነሥቶ መጻፍ ይሻላል።