ድመትና ነፍሰ ጡር፦ ቶክሶፕላዝሞሲስ ከየት ይመጣል?

ቶክሶፕላዝሞሲስ ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ የተባለ፣ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ ነው። ተሕዋሱ በብዙ እንስሳት ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ እንቁላሉን የሚያፈራው ግን በድመትና በድመት ዘመዶች አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ድመቷን ከቤት እንድታስወጣ የሚመክሯት ለዚህ ነው። ምክሩ ቅን ቢሆንም ትልቁን አደጋ ይስታል።

ድመት በተሕዋሱ የምትያዘው አይጥ አድና ወይም ጥሬ ሥጋ በልታ ነው። እንቁላሉን በዓይነ ምድሯ የምታስወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ስትያዝ፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ብቻ ነው። የወጣው እንቁላልም ሰውን ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን መቆየት አለበት። የመጸዳጃዋን አሸዋ በየቀኑ መጣል ዋጋ ያለው ከዚህ የተነሳ ነው። ሥራውን ሌላ ሰው ቢሠራው ይመረጣል፤ ካልሆነ ጓንት አድርጎ መሥራትና ከዚያ እጅን በሳሙና መታጠብ ይበቃል። በረኪና እንቁላሉን አይገድለውም፤ ዕቃውን በፈላ ውሃ ማጠብ ይሻላል። ድመቷን መዳበስ ግን የሚያስፈራ አይደለም።

በእኛ አገር ብዙዎቹ ድመቶች የሚጸዳዱት በጓሮ ነው። እንቁላሉ በእርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ጓሮ የምትኮተኩት ነፍሰ ጡር ጓንት ያስፈልጋታል፤ ሰላጣና ቃሪያም በንጹሕ ውሃ በደንብ መታጠብ አለባቸው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ በስድስት የአውሮፓ ከተሞች ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ ጥናት ከተያዙት ከ30 እስከ 63 በመቶውን ያልበሰለ ሥጋ፣ ከ6 እስከ 17 በመቶውን ከአፈር ጋር መነካካት እንዳስያዛቸው ገምቷል። ድመት ማሳደግ ግን ከበሽታው ጋር ግንኙነት አልተገኘበትም። ስለዚህ በእርግዝና ወራት መራቅ ያለበት ጥሬ ሥጋና ክትፎ ነው። ለብለብም አያድንም፤ ሥጋው እስከ ውስጡ መብሰል አለበት። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ቢላዋና መክተፊያም ሳይታጠብ ለሰላጣ መዋል የለበትም።

ጽንሱን የሚያሰጋው እናቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝና ውስጥ ስትያዝ ነው። ቀደም ብላ የተያዘች ጤነኛ ሴት በአብዛኛው ልጇን የሚጠብቅ መከላከያ አላት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ተሕዋሱ ወደ ጽንሱ የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው፤ ካለፈ ግን ጉዳቱ ይከፋል፦ ውርጃ፣ በጭንቅላት ውስጥ ውሃ መጠራቀም፣ የዓይን መጎዳት። በመጨረሻዎቹ ወራት በብዛት ያልፋል፤ ሕፃኑ ግን ሲወለድ ጤነኛ ሊመስልና የዓይኑ ጉዳት ከዓመታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

የሦስት ወር ነፍሰ ጡር በደም ምርመራ ሰውነት ተሕዋሱን ለመከላከል የሚሠራቸው አይጂጂና አይጂኤም የተባሉ ፀረ እንግዳ አካላት ሁለቱም ተገኙብሽ ብትባል፣ አዲስ ተይዛለች ማለት ላይሆን ይችላል፤ አይጂኤም አዲስ ሲያዙ የሚታይ ቢሆንም ከወራት አልፎ ከዓመት በላይም ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላልና። አይጂጂ ተሕዋሱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካው፣ የአይጂጂ አቪዲቲ የሚባለው ተጨማሪ ምርመራ ከፍተኛ ውጤት ካሳየ ከአራት ወር በፊት፣ ማለትም ከመፀነሷ በፊት፣ ተይዛለች ማለት ነው። ዝቅተኛ ውጤት ብቻውን አዲስ መያዝን አያረጋግጥም፤ ሐኪሙ ምርመራውን ደግሞ ያያል፤ አዲስ መያዝ ከተጠረጠረም ወደ ጽንሱ እንዳያልፍ ስፓይራማይሲን የተባለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።