ፔርፔቹዋል እና ፔሪዮዲክ፦ የጎደለው ካርቶን የት ገባ?

"ፔርፔቹዋል የሚጠቀም ሰው ቆጠራ አያስፈልገውም" ሲባል ደጋግሜ ሰማሁ። ያስፈልገዋል! የሁለቱ የዕቃ ክምችት አመዘጋገብ ዘዴዎች ልዩነት መዝገቡ የሚታደስበት ጊዜ ላይ ነው።

በፔርፔቹዋል ዕቃ በገባና በወጣ ቁጥር ቀሪው ወዲያው ይስተካከላል። የተሸጠው ዕቃ ወጪም አብሮ ይመዘገባል። በፔሪዮዲክ ግን ስትሸጡ የሚመዘገበው ገቢው ብቻ ነው። የዕቃው ወጪ የሚታወቀው በወሩ ወይም በዓመቱ መጨረሻ ከቆጠራ በኋላ ነው።

መነሻችሁ 100 ካርቶን ሳሙና ነው እንበል። 60 ገዛችሁ፤ በደረሰኝ 110 ሸጣችሁ። ስትቆጥሩ 45 አገኛችሁ። ፔሪዮዲክ ከ160 ላይ 45 ቀንሶ 115ቱን እንደተሸጠ ይቆጥራል። አምስቱ ካርቶን በተሸጠ ዕቃ ወጪ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ፔርፔቹዋል ግን "50 መኖር ነበረበት፣ 5 ጎድሏል" ይላችኋል። ይሰረቅ፣ ይበላሽ ወይም ሳይመዘገብ ይውጣ ግን አይነግራችሁም፤ ያ የእናንተ ሥራ ነው።

ለአነስተኛ ጅምላ ሻጭ እኔ ፔርፔቹዋልን እመርጣለሁ። ዕቃው በካርቶን ስለሚወጣ በየቀኑ የሚመዘገበው መስመር ጥቂት ነው፤ ስቶክ ካርድ ወይም ኤክሴል ይበቃል። የዕቃው ዓይነት በጣም ከበዛና መዝጋቢ ከሌለ ግን ፔሪዮዲክ ይሻላል። ግማሹ ብቻ የተሞላ ስቶክ ካርድ ከባዶው የባሰ ያሳስታል።