ማረጋገጫ እንጂ ፈቃድ አይደለም

ድሬዳዋ ከዚራ የሚሠራ ፋርማሲስት ወዳጄን አሜሪካ ያለ ዘመዱ «ኤፍፒጂኢሲ ካገኘህ በቃ» ብሎት ነበር። አይበቃም። ይህ የማረጋገጫ ወረቀት ከአሜሪካ ውጭ የተመረቀ ፋርማሲስት ወደ ፈቃድ የሚሄድበትን በር ይከፍትለታል እንጂ መድኃኒት ለማደል አያስችለውም።

የመጀመሪያው ወንፊት የትምህርት ዘመን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2003 መጀመሪያ ወዲህ የተመረቀ ሰው ቢያንስ የ5 ዓመት የፋርማሲ ትምህርት ሊኖረው ይገባል። የ4 ዓመት ዲግሪ ያለው፣ የሥራ ልምዱ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ እዚህ ላይ ይቆማል።

ወዳጄ 5 ዓመት ተምሯል፤ የወደቀው በፖስታ ነው። የውጤት መግለጫውን ራሱ ተቀብሎ ላከና ተመለሰበት። ማስረጃው ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ ለገምጋሚው ድርጅት መድረስ አለበት፤ በተመራቂው እጅ ካለፈ ዋጋ የለውም።

ከዚያ የፋርማሲ ዕውቀት ፈተናው ኤፍፒጂኢኢና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ይከተላሉ። ሁለቱን ያለፈ ማረጋገጫውን ይቀበላል፤ ዘመዱ «በቃ» ያለው እዚህ ላይ ነው። የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ግን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ስለሆነ፣ ገና በክትትል የሚሠራ ልምምድ ይቀራል። ካሊፎርኒያ 1500 ሰዓት ትጠይቃለች፤ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ 38 ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው። የፈቃድ ፈተናውና የሕጉ ፈተናም አሉ።